የመጀመሪያ ብስክሌት ለከተማ ዳር መንገድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከቱሉ ዲምቱ፣ ከየካ አባዶ፣ ከጀሞ ወይም ከአየር ጤና ተነሥተው በየቀኑ በብስክሌት ሥራ ለመመላለስ ያሰቡ ሰዎች የሚያነሷቸው ጥያቄዎች፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ።

ብስክሌት ገዝቼ አላውቅም። መጀመሪያ የማየው ምኑን ነው?

አብዛኛው ሰው ሱቅ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው ፍሬሙ ከምን እንደተሠራ ነው፤ ቀጥሎ የማርሹን ብዛት፣ በመጨረሻም ስሙን። እኔ ግን ከኋላ ጎማ እንዲጀምሩ እመክራለሁ። ከሰውነትዎ ክብደት የሚበዛው የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ኮብልስቶኑም፣ ጉድጓዱም፣ ውኃ ያጠበው የጥርጊያ መንገድም ምቱን የሚያሳርፉት በኋላ ጎማ ላይ ነው። በከተማችን ዳር መንገዶች ላይ ፍሬም ተሰብሮበት ብስክሌት ያቆመ ሰው ጥቂት ነው፤ ቸርኬው ተጣሞ፣ ሽቦው ተበጥሶ ወይም የጎማው ዘንግ ታጥፎ ያቆመ ግን ብዙ ነው።

ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት መንገድዎን በእግርዎ ወይም በሚኒባስ መስኮት በኩል አንድ ጊዜ አጥንተው ይሂዱ። ከቤት እስከ አስፋልት ያለው ምንድን ነው፣ ኮብልስቶን ነው ወይስ መረሬ? ዳገቱ የት ይጀምራል፣ የሚወጡትስ ጠዋት ነው ወይስ ማታ ደክሞዎት ሲመለሱ? ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ሁሉ በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው።

የብረት ፍሬም ይሻላል ወይስ የአሉሚኒየም?

ለመጀመሪያ ብስክሌት ሁለቱም ይሆናሉ፤ ልዩነታቸው የሚታየው ሲበላሹ ነው። ብረት ሲጎዳ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ ይታጠፋል ወይም ቀስ እያለ ይሰነጠቃል፤ ሠፈር ውስጥ ያለ በያጅም ሊጠግነው ይችላል። አሉሚኒየም ግን ለብስክሌት እንዲሆን ከሌሎች ማዕድናት ጋር ተቀላቅሎ የሚሠራ ሲሆን፣ ፋብሪካው ከበየደው በኋላ በምድጃ ውስጥ በተመጠነ ሙቀት ያጠነክረዋል። መንገድ ዳር እንደገና ሲበየድ ያ ጥንካሬ በብየዳው ዙሪያ በብዛት ይጠፋል፤ መልኩ ደኅና ቢመስልም አጠገቡ እንደገና ይሰነጠቃል። በተጨማሪ ብረት የተወሰነ መጠን ያልዘለለ ንዝረትን ለረጅም ዘመን ይችላል፤ አሉሚኒየም ግን ትንሹንም ምት እያጠራቀመ ይሄዳል። ይህ ማለት በሁለት ዓመት ይሰበራል ማለት አይደለም፤ በወጉ የተሠራ ፍሬም ብዙ ዓመት ያገለግላል። ያገለገለ አሉሚኒየም ሲገዙ ግን ስንጥቅ ሳይፈልጉ አይግዙ ማለት ነው።

ብረት በተራው ዝገት አለበት። በክረምት በኮርቻው ዘንግ በኩል የሚገባው ውኃ ከታች፣ ፔዳሉ በሚያያዝበት ቦታ ይጠራቀምና ፍሬሙን ከውስጥ ይበላዋል። በክረምቱ ማብቂያ የኮርቻውን ዘንግ አውጥቶ ብስክሌቱን ገልብጦ ማድረቅ፣ ከዚያም ጥቂት ዘይት ወደ ውስጥ ማፍሰስ ዕድሜውን ያረዝመዋል።

የክብደት ጉዳይ በተለይ ለኮንዶሚኒየም ነዋሪ ቀላል አይደለም። ተራ የብረት ብስክሌት ከ15 እስከ 18 ኪሎ ሊመዝን ይችላል፤ ተመጣጣኙ የአሉሚኒየም ብስክሌት ከ13 እስከ 14 ኪሎ። መንገድ ላይ ይህ ልዩነት ያን ያህል አይሰማም። ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ለሚኖር ሰው ግን በየማታው ይሰማል። ምድር ቤት የሚኖር ወይም ግቢ ያለው ሰው ብረት ይግዛ፤ ላይ ቤት የሚኖር ደግሞ አሉሚኒየም ቢመርጥ አልከራከረውም። የካርቦን ፍሬም ርካሽ ሆኖ ቢቀርብልዎ እንኳ ይለፉት፤ ውስጡ የተጎዳ መሆኑን በዓይን ማወቅ አይቻልም።

ፍሬሙ ላይ አሉሚኒየም የሚል ተለጣፊ አለ። ማመን እችላለሁ?

ተለጣፊ ማንም ይለጥፋል። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ትንሽ ማግኔት ኪስዎ ይዘው ይሂዱ። የፍሬሙን ቧንቧዎች አንድ በአንድ ይንኩ፤ ማግኔቱ ከተጣበቀ ብረት ነው። የፊት ሹካው ብዙ ጊዜ ፍሬሙ አሉሚኒየም ሆኖ ሳለም ብረት ስለሚሆን እሱን ለብቻው ይፈትኑ፤ ቸርኬውንም አይርሱ። ቸርኬው ላይ ማግኔቱ ከተጣበቀ ያ ከፍሬሙ የበለጠ ሊያሳስብዎት ይገባል፤ ምክንያቱን ስለ ፍሬን በሚለው ጥያቄ ላይ ያገኙታል።

ማርሽ የሌለው ብስክሌት ለአዲስ አበባ ይሆናል?

ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ቢሆን አዎ እል ነበር። አዲስ አበባ ግን በአቃቂ በኩል ካለው ከ2,100 ሜትር አካባቢ ተነሥታ እንጦጦ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ የምትወጣ ከተማ ናት። ከአቃቂ ተነሥቶ መስቀል አደባባይ የሚደርስ ሰው፣ መንገዱ ሜዳ ቢመስለውም ከ200 ሜትር በላይ ሽቅብ ወጥቷል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የፊቱን ማርሽ ጥርስ ቁጥር ለኋላው ያካፍሉ፤ ውጤቱን በጎማው ዙሪያ ያባዙ፤ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ብስክሌቱ የሚሄደውን ርቀት ያገኛሉ። ባለ አንድ ማርሹ ጥቁር ብስክሌት ብዙ ጊዜ ከፊት 44፣ ከኋላ 18 ጥርስ አለው። ባለ 28 ኢንች ጎማው ዙሪያው 2.2 ሜትር ያህል ስለሆነ በአንድ ዙር 5.4 ሜትር ይሄዳል። ባለ 26 ኢንቹ የተራራ ብስክሌት በቀላሉ ማርሽ ላይ ሲሆን ከፊት 24፣ ከኋላ 28 ጥርስ ይኖረዋል፤ ይህም በአንድ ዙር 1.8 ሜትር ያህል ነው። አሁን ሁለቱም ዳገቱን በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ይውጡት እንበል። የመጀመሪያው ጋላቢ ፔዳሉን በደቂቃ 25 ጊዜ ብቻ፣ በእያንዳንዱ ዙር መላ ሰውነቱን እየጫነ ያዞራል። ሁለተኛው 75 ጊዜ ያህል በቀላሉ ያዞራል። ሥራው እኩል ነው፤ ጉልበታቸው ላይ የሚያርፈው ጫና ግን እኩል አይደለም። የመጀመሪያው ከጥቂት ሜትሮች በኋላ ወርዶ መግፋቱ አይቀርም።

ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት አስቀድሞ ካለዎት የኋላውን ማርሽ በ22 ጥርስ ያስቀይሩት። በአንድ ዙር የሚሄደው ወደ 4.4 ሜትር ይወርዳል፤ ሜዳ ላይ ፍጥነት ያጣሉ፣ መለስተኛ ዳገት ላይ ግን ከኮርቻው ሳይወርዱ ይወጣሉ። ለውጡ ርካሽ ነው። ነገር ግን ካቴናው ሊያጥር ስለሚችል ጥቂት መቀጠል እንደሚያስፈልግ ለሠሪው ይንገሩት።

ታዲያ 21 ማርሽ ካለው መግዛት አለብኝ? የማርሹ ብዛት ጥራትን ያሳያል?

አያሳይም። 21 የሚባለው ከፊት 3፣ ከኋላ 7 ተባዝቶ ነው። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ተደጋጋሚ ናቸው፦ ከፊት 24 ከኋላ 14፣ ከፊት 34 ከኋላ 20፣ ከፊት 42 ከኋላ 24 ቢያደርጉ ልዩነቱን እግርዎ አይለየውም። ቁም ነገሩ በትልቁና በትንሹ መካከል ያለው ስፋት ነው። ሻጩን ስንት ማርሽ አለው ብለው ሳይሆን ከኋላ ትልቁ ስንት ጥርስ አለው፣ ከፊት ትንሹስ ብለው ይጠይቁት። ካላወቀው ጎንበስ ብለው ይቁጠሩ። ከኋላ ትልቁ ከፊት ትንሹን በጥርስ ቁጥር የሚበልጥ ከሆነ የከተማችንን አብዛኛውን ዳገት ተቀምጠው ይወጣሉ።

አንዳንድ ያገለገሉ የከተማ ብስክሌቶች ላይ ደግሞ ማርሹ ከውጭ አይታይም፤ በኋላ ጎማው መሃል፣ በሞዞው ውስጥ ተደብቋል። ብዙውን ጊዜ ባለ 3 ማርሽ ነው። ጭቃና አቧራ ስለማይደርስበት ለመረሬ ሠፈር የሚመኙት ዓይነት ነው፤ ቆመውም ማርሽ ይቀይሩበታል። ሁለት ጉድለት አለበት፦ ስፋቱ ከውጪው ማርሽ ግማሽ ያህል ነው፣ ውስጡ ከተበላሸ ደግሞ መለዋወጫውንም የሚያውቀውንም ሠሪ ማግኘት ይከብዳል። መንገድዎ ከሳሪስ እስከ ቃሊቲ ያለውን የመሰለ ከሆነ ይውሰዱት። ወደ ሽሮ ሜዳ ወይም ወደ ቡራዩ በኩል የሚወጣ ሰው ግን የውጪውን ማርሽ ይምረጥ።

ለኮብልስቶን ፊትና ኋላ አሞርዛተር ያለው አይሻልም?

ውድ ቢሆን ኖሮ አዎ። ርካሹ ግን ከሚያስታግሰው ምት የሚጨምረው ክብደት ይበልጣል። የኋላ አሞርዛተር ያለው ርካሽ ብስክሌት ፔዳሉን በረገጡ ቁጥር ይወዛወዛል፤ ዳገት ላይ ጉልበትዎን የሚበላው ስፕሪንጉ ነው። ሌላው ችግር ፍሬሙ የሚታጠፍበት መገጣጠሚያ ነው። በዚያ ያለው ቡሽ አቧራና ጭቃ ሲገባበት ይበላና የኋላው ጎማ ወደ ጎንና ጎን መጫወት ይጀምራል። ይህን አይግዙ።

የፊት አሞርዛተር ብቻ ያለውን መግዛት ይቻላል፤ ብዙ ያገለገሉ ብስክሌቶች እንደዚያ ስለሆኑ ምርጫም ላይኖርዎት ይችላል። የፊቱን ፍሬን ይዘው መሪውን ወደ ታች ይጫኑት፤ ወርዶ ሳይንቃቃ መመለስ አለበት። ከዚያ ፍሬኑን እንደያዙ ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይግፉት። የሹካው እግሮች ቧንቧቸው ውስጥ የሚንገጫገጩ ከሆነ አልቀዋል።

ጎማው ምን ያህል ይስፋ? ነፋሱስ?

ኮብልስቶን ላይ እውነተኛው አሞርዛተር ጎማው ነው። በ26 ኢንች ቸርኬ ላይ ከ1.95 እስከ 2.1 ኢንች ስፋት ያለው ጎማ ለዳር ከተማ መንገድ ተስማሚ ነው። ቀጭን የእሽቅድምድም ጎማ ኮብልስቶን መካከል ያለው ክፍተት ውስጥ ይገባል። በጣም ጥርሳም የሆነው ደግሞ አስፋልት ላይ ይጎትታል፤ መረሬው ውስጥም ጭቃ ተሸክሞ ይወጣና ፓራፋንጎው ሥር ተጠቅጥቆ ጎማውን ያቆመዋል። መሃሉ ለስላሳ፣ ዳርና ዳሩ ጥርስ ያለው ከተገኘ ይሻላል። በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት መኖሩንም ይመልከቱ። የ26 ኢንች ጎማና ካላማዳሪያ ከሌሎቹ በቀለለ ይገኛል፤ 29 ኢንች ጉድጓድ ሲያልፍ የተሻለ ምቾት አለው፣ ግን ዕቃው ሁልጊዜ በሠፈር አይገኝም።

የነፋሱ ነገር ብዙዎችን ያስቸግራል። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በ1.95 ጎማ ከ35 እስከ 45 ፒ.ኤስ.አይ. ይበቃል፤ ከኋላ ከፊቱ ትንሽ ይበልጣል። እጅግ ከጠነከረ እያንዳንዱ ድንጋይ በቀጥታ ወደ ቸርኬውና ወደ ሽቦዎቹ ይሄዳል። ከለሰለሰ ደግሞ የጉድጓዱ ጠርዝ ካላማዳሪያውን ከቸርኬው ጋር ጨፍልቆ ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ ቀዳዳዎች ያበጃል፤ እንዲህ ያሉ ቀዳዳዎችን ካዩ ሚስማር አይፈልጉ፣ ነፋስ ጎድሎ ነበር ማለት ነው። ጎሚስታ ቤት ሲያስሞሉ የመኪናው መጭመቂያ የብስክሌቱን ትንሽ ጎማ በቅጽበት ስለሚሞላው ልጁ በአጭር በአጭሩ እንዲሰጥ ይንገሩት። ቫልቩ የመኪና ዓይነት ወፍራሙ ከሆነ በየጎሚስታው ይሞላል፤ ቀጭኑ ከሆነ ግን የራስዎ ፖምፓ ያስፈልግዎታል።

በዝናብ ጊዜ ብስክሌቱ አልቆምም ይለኛል። የትኛው ፍሬን ይሻላል?

መጀመሪያ ማግኔቱን ያስታውሱ። ቸርኬው የሚያብረቀርቅ ብረት ከሆነ በደረቅ ጊዜ ይይዛል፤ ሲረጥብ ግን የፍሬኑ ጎማ ይንሸራተትበታል። በክረምት ቁልቁለት ላይ ይህ የምር አደገኛ ነው። በዘንግ የሚሠሩት የጥንቶቹ ጥቁር ብስክሌቶች ፍሬን ችግርም ከዚህ ይመጣል። የአሉሚኒየም ቸርኬ ከረጅም ክንድ ባለው የገመድ ፍሬን ጋር ሲሆን ሲረጥብም ጥቂት ዘግይቶ ይይዛል፤ የፍሬን ጎማው ርካሽ ነው፣ በየትኛውም ሠፈር ይቀየራል።

የዲስክ ፍሬን በጭቃ ጊዜ ይበልጣል፤ ዲስኩ ከመሬት ራቅ ስለሚል አይቆሽሽም፣ ቸርኬው ቢጣመምም መሥራቱን አያቆምም። በገመድ የሚሠራውን ይምረጡ እንጂ በዘይት የሚሠራውን አይደለም፤ ዘይቱ ሲፈስ የሚያስተካክለው ሰው ከቤትዎ አጠገብ ላይኖር ይችላል። ርካሽ ዲስክ ግን ከጥሩ የጎማ ፍሬን አይበልጥም። ሲገዙ በአንድ እጅ የፊቱን ብቻ ይዘው ብስክሌቱን ወደ ፊት ይግፉት፤ የኋላው ጎማ መነሣት አለበት።

የትኛው ብራንድ ነው የሚበረክተው?

በፍሬሙ ላይ ያለው ስም ከሚያስቡት ያነሰ ይናገራል። ፊኒክስና ፎርኤቨር የሻንጋይ፣ ፍላይንግ ፒጅን የቲያንጂን፣ ሂሮ ደግሞ የሕንድ ሉዲያና ስሞች ናቸው፤ ጥቁሩን ከባድ ብስክሌታቸውን ከአፍሪካ እስከ እስያ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ያ ብስክሌት የሚበረክተው ቀላል ስለሆነ ነው፦ ማርሽ የለውም፣ ሽቦው ብዙ ነው፣ ቧንቧው ወፍራም ነው። ከእነዚሁ ስሞች አንዱ የተለጠፈበትን ባለ 21 ማርሽ ብስክሌት ሲገዙ ግን ያንን ብርታት አብረው አልገዙም፤ ሌላ ዕቃ ነው። የታይዋኑ ጃያንትና የአሜሪካው ትሬክ ያገለገሉ ሆነው ሲገኙ ጥሩ ፍሬም አላቸው፤ ስማቸው የሚፈለግ ስለሆነ ግን ተለጣፊያቸውን ሌላ ፍሬም ላይ ማግኘት አያስደንቅም። የመኪና ኩባንያ ስም የተጻፈበት ብስክሌት ዋጋው ስሙን ይከተላል፤ ጥራቱ ግን አይከተለውም።

ይልቁንስ በዕቃዎቹ ላይ የተቀረጸውን ያንብቡ። ማርሽ ቀያሪው የጃፓኑ ሺማኖ ከሆነ፣ ዝቅተኛው ደረጃ ቱርኒ እንኳ ቢሆን፣ በወጉ ይስተካከላል፣ መተኪያም አለው። መሪው ላይ ያለው መቀየሪያ ብቻ ሺማኖ ሆኖ የቀረው ስም የለሽ የሆነበት ብስክሌት ብዙ ነው፤ ከኋላ ያለውን ጎንበስ ብለው ሳያዩ አይክፈሉ። ከስሙ ይልቅ የሚበልጠው ማስረጃ ግን ሠፈርዎ ያለው ብስክሌት ሠሪ ነው። ከመግዛትዎ በፊት ሄደው ምን ዕቃ በእጁ እንዳለ ይጠይቁት። እሱ ጋ የሌለ ዕቃ ተሰበረ ማለት መርካቶ ደርሶ መመለስ ማለት ነው።

አዲስ ብስክሌት ገዝቼ የኋላው ጎማ ወደ አንድ በኩል ይሄዳል፣ ዘንጉም ታጠፈ ይሉኛል። ለምን?

ይህ ከባዱ ጥያቄ ነው፤ ሻጭም ብዙ ጊዜ አይነግርዎትም። ርካሽ ባለ 6 እና ባለ 7 ማርሽ ብስክሌት ላይ የኋላው ማርሽ ፍሪዊል የሚባለው ዓይነት ነው፤ ተጠምዝዞ በሞዞው ላይ ይታሰራል። ማርሾቹ ቦታ ስለሚይዙ በቀኝ በኩል ያለው ኩሽኔታ ወደ ውስጥ ይገፋል። ከኩሽኔታው እስከ ፍሬሙ ድረስ ያለው የዘንጉ ክፍል ያለ ድጋፍ ይቀራል። ቀጭን ዘንግ በዚያ ርዝመት ድጋፍ ሳያገኝ በየኮብልስቶኑ ሲመታ ቀስ በቀስ ይታጠፋል፤ ከቆየም ይሰበራል። ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት ላይ ይህ ክፍል አጭር ስለሆነ ችግሩ የለም። ካሴት የሚባለው የተሻለው ዓይነት ደግሞ ኩሽኔታውን ወደ ውጭ፣ ከፍሬሙ አጠገብ ስለሚያወጣው ዘንጉ ይደገፋል።

ሁለቱን ለመለየት የኋላውን ጎማ አስወጥተው ማርሾቹን በእጅዎ ወደ ኋላ ያዙሯቸው። መሃል ላይ መፍቻ የሚገባበት ጎድጎድ ያለ ቀለበት አብሮ ከዞረ ካሴት ነው፤ ማርሾቹ ዞረው እሱ ከቆመ ፍሪዊል ነው። ያገለገለ ጥሩ ብስክሌት ላይ ካሴት ማግኘት የተለመደ ሲሆን፣ በተመሳሳይ ዋጋ የሚሸጥ አዲስ ላይ ግን አያገኙትም። ያገለገለውን የማስመርጠው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው።

ዘንጉ መታጠፉን ለማወቅ ጎማው እንደወጣ ዘንጉን በጣትዎ ያዙሩት። ጫፉ ባለበት ሳይረጋ ትንሽ ክብ እየሠራ ከዞረ ታጥፏል። ብስክሌቱ ላይ እንዳለ ደግሞ ጎማውን መሃል አድርገው ቢያስሩትም ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ማርሾቹ ሲዞሩ ትንሽ መወዛወዛቸው ብቻ ግን ምልክት አይሆንም፤ ርካሽ ፍሪዊል አዲስ ሆኖም ይወዛወዛል። ዘንጉን መቀየር ውድ አይደለም። ሳይቀየር ከቆየ ግን ኩሽኔታውንና ሞዞውን ይጨርሳል፤ ያን ጊዜ የሚቀየረው ጎማው በሙሉ ነው። ፍሪዊል ያለው ብስክሌት የያዘ ሰው ከባድ ጭነት ከኋላ አይጫን፤ ጉድጓድ ሲያይም ከኮርቻው ተነሥቶ በፔዳሉ ላይ ይቁም።

ያገለገለ ስገዛ ምን ምን ልፈትሽ?

ከፍሬሙ ይጀምሩ። ከመሪው ሥር ወደ ፔዳሉ የሚወርደውን ወፍራም ቧንቧ ከታች በኩል በጣትዎ ይዳብሱት። መሪው አጠገብ ትንሽ ሽብሽብ ካለ ብስክሌቱ ፊት ለፊት ተጋጭቷል፤ ይተዉት። ከዚያ ብየዳዎቹን፣ በተለይ ፔዳሉና የኮርቻው ዘንግ የሚገናኙባቸውን ቦታዎች ጠርገው ይዩ። ቀለሙ ላይ ፀጉር የመሰለ መስመር ካለና መስመሩ ውስጥ ዝገት ወይም ጥቁር ቆሻሻ ከገባ ስንጥቅ ነው።

ቀጥለው የፔዳሉን ክንድ ይዘው ወደ ጎን ይግፉ፤ የሚንቃቃ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል። የጎማውን ሽቦዎች ጥንድ ጥንድ አድርገው ይጭመቁ፤ የላላ ካለ ማስተካከል ይቻላል፣ በቀኝ በኩል ብዙ የላሉ ካሉ ግን ጎማው በኮብልስቶን ዕድሜውን ጨርሷል። ካቴናውን በሴንቲ ሜትር ማስመሪያ ይለኩት፦ ከአንድ ፒን ተነሥተው፣ እሱን ሳይቆጥሩ፣ እስከ 24ኛው ፒን ድረስ አዲስ ካቴና 30.5 ሴንቲ ሜትር ነው። 30.7 ከደረሰ ካቴናው ይቀየራል፤ 30.8 ካለፈ ማርሾቹም አብረው ሳይበሉ አልቀሩም፣ አዲስ ካቴና ሲደረግባቸው ይዘላል። በዋጋው ላይ ሲደራደሩ ይህን ይዘው ይደራደሩ።

አሉሚኒየም ከሆነ ማርሽ ቀያሪው የሚታሰርበትን ትንሽ ጆሮ አይርሱ። ከኋላ ሆነው ሲያዩት ከማርሾቹ ጋር እኩል ቀጥ ማለት አለበት። ብረት ፍሬም ላይ ይህ ጆሮ ቢታጠፍ በጥንቃቄ ይመለሳል። አሉሚኒየሙ ላይ ግን ሲመለስ ይሰበራል፤ በብሎን የሚፈታ ከሆነም መተኪያው ለየፍሬሙ የተለየ ስለሆነ ማግኘቱ ራሱን የቻለ ፍለጋ ነው።

በአንድ ዋጋ ሦስት ብስክሌት ቀርቦልኝ ብመርጥ፣ እንዴት ነው የማመዛዝነው?

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ የምትኖር፣ ሳሪስ የምትሠራ ሴት እናስብ። ጠዋት ጥቂት ኮብልስቶን አለባት፣ በክረምት አስፋልት እስክትደርስ መረሬ አለባት፣ ከዚያ እየወጣች ትሄዳለች፤ ማታ መመለሻዋ በአብዛኛው ቁልቁል ነው። የቀረቡላት አዲስ ባለ አንድ ማርሽ ጥቁር ብስክሌት፣ ፊትና ኋላ አሞርዛተር ያለው አዲስ ባለ 21 ማርሽ፣ እንዲሁም አሞርዛተር የሌለው ያገለገለ ባለ 26 ኢንች አሉሚኒየም ናቸው።

ጥቁሩ በጥንካሬ ያሸንፋል፤ ነገር ግን ጠዋት ሽቅቡ ላይ ወርዳ ትገፋዋለች፣ ማታ ደግሞ ሲዘንብ በብረት ቸርኬ ቁልቁል መውረድ አለባት፣ ደረጃውንም ተሸክማው ትወጣለች። ሁለተኛው ዓይን ይማርካል፤ የክብደቱ፣ የመገጣጠሚያው ቡሽና የፍሪዊሉ ነገር ግን ክረምቱ ሳያልፍ ወደ ሠሪ ያመላልሳታል። ሦስተኛው ካሴት ካለው፣ ፍሬሙ ካልተሰነጠቀና ጆሮው ቀጥ ካለ የእሷ ነው። ከዋጋው ላይ አንድ አራተኛ ያህል አስቀንሳ ለካቴና፣ ለፍሬን ጎማ፣ ለሁለት ሰፋ ያሉ ጎማዎችና ለፓራፋንጎ ታውለው። ካሴት ከሌለውና ፍሪዊል ከሆነ ግን መግዛቷን አልከለክልም፤ ዘንጉን ፈትሻ፣ መለዋወጫ ዘንግ አብራ ገዝታ ቤት ታስቀምጥ።

ቤቷ ምድር ቤት፣ ሥራዋም ቃሊቲ ቢሆን ኖሮ መልሱ ይለወጥ ነበር። ያኔ ጥቁሩን ብስክሌት በ22 ጥርስ ማርሽና በአሉሚኒየም ቸርኬ አስቀይራ ብትይዘው ከሁለቱም ይሻላት ነበር።

ሻጩ ፍሬሙ አንድ ቦታ ተበይዶ እንደነበር ነገረኝ። ልግዛው?

ብረት ከሆነ ብየዳው የት እንዳለ ይዩ። ጭነት መያዣው ወይም የኋላው ቀጭን ቧንቧ ላይ ከሆነ፣ ስፌቱም ሙሉና ቀዳዳ የሌለው ከሆነ ዋጋ አስቀንሶ መግዛት ይቻላል። መሪው አጠገብ ወይም የፊት ሹካው ላይ ከሆነ ብረትም ቢሆን አይግዙ፤ እዚያ የሚሰበር ነገር ጋላቢውን በፊቱ ነው የሚጥለው። አሉሚኒየም ከሆነ ብየዳው የትም ይሁን የት ይለፉት፤ ፍሬሙን ትተው ጎማዎቹንና ማርሹን ለመለዋወጫ በርካሽ እንዲሸጥልዎ ግን ይጠይቁት።